«ነጃሺ ሰልሟል ወይስ አልሰለመም?»

ለሥራ ሳመለክት «የማስተማር ፍልስፍናዎን በአንድ ገጽ ይጻፉ» ተባልኩ። ሐዋሳ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ታሪክ አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ ፕሮቴስታንቱ ይበዛል፤ ኦርቶዶክስም ሙስሊምም አሉ። ስለ መቻቻል ያማሩ ቃላት መደርደር ቀላል ነው፣ ማንም ይጽፈዋል። እኔ ስለ አክሱሙ ንጉሥ ስለ ነጃሺ የምሰጠውን ትምህርት ብቻ መርጬ እንዴት እንደማስተምረው ጻፍኩ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ይላል። ስለ ሃይማኖት አይወራ ግን አላለም። በ615 እ.ኤ.አ. ወደ አክሱም የተሰደዱትን የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች እስልምናን ሳያነሱ ማስተማር እንዴት ይሆናል?

ስደቱ ላይ ጠብ የለም። ጣጣው የሚመጣው ንጉሡ ጋ ሲደረስ ነው። ሙስሊሞች ንጉሡ ሰልሟል፣ ሲሞትም ነቢዩ አስከሬኑ በሌለበት የጀናዛ ሰላት ሰግደውለታል ይላሉ። ኦርቶዶክሶች ደግሞ ስደተኞቹን በደግነት የተቀበለ፣ ክርስቲያን እንደሆነ የሞተ ንጉሥ ነው ይላሉ። እዚህ ላይ ክፍሉ ይሞቃል። ፕሮቴስታንቶቹ ዳኛ ሆነው ቁጭ ይላሉ፤ ይሄ የሐዋሳ ነገር ነው መሰለኝ።

ሰሌዳ ላይ የሚጻፍ ዓረፍተ ነገር ሁሉ ባለቤት ይኑረው እላለሁ፦ «ሙስሊሞች … ይላሉ»፣ «ኦርቶዶክሶች … ይላሉ»። «እኛ» እና «እናንተ» ክልክል ናቸው። ከዚያ ማስረጃ እንፈትሻለን። የስደቱን ታሪክ በሰፊው የምናገኘው ኢብን ኢስሐቅ ካሰባሰበው የነቢዩ የሕይወት ታሪክ ነው፤ እሱም ከስደቱ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የተዘጋጀ ነው። በሌላ በኩል የ7ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአክሱም ሳንቲሞች መስቀል አለባቸው። አንዱ ተማሪ «በቃ፣ አለቀ!» ማለቱ አይቀርም። አላለቀም። ሳንቲም የመንግሥቱን ምልክት እንጂ የንጉሡን ልብ አያሳይም። ዘግይቶ መጻፍም ብቻውን ውሸት አያደርግም፤ ከዚያ በፊት በቃል ሲተላለፍ የቆየ ነገር አለና።

ነገሩ እየተበላሸ መሆኑን የማውቀው በጩኸት አይደለም። እስልምና ሲነሳ ዓይን ሁሉ ወደ አንዲት ሂጃብ የለበሰች ልጅ ከዞረ ተበላሽቷል ማለት ነው። ስለዚህ «እስቲ አንቺ ንገሪን» አልልም። ራሷ እጇን ካወጣች ግን ትናገር፤ የምትናገረውም ስለ ራሷ እንጂ ስለ ሙስሊም ሁሉ አይደለም።

«ቲቸር፣ እርስዎስ የቱን ያምናሉ?» ይሉኛል። ክፍል ውስጥ አልመልስም። ውጤት የምሰጠው እኔ ስለሆንኩ፣ እምነቴን ከነገርኳቸው ፈተና ላይ እሱኑ መልሰው ይጽፉልኛል።

ጥያቄዬም ንጉሡ ሰልሟል ወይ አይልም። ከ10 ነጥብ 3ቱ የአንዱን ወገን አባባል፣ 3ቱ የሌላውን፣ ባለቤቶቹ «አዎ፣ እንዲህ ነው የምንለው» በሚሉት መንገድ ለማስረዳት ነው። 4ቱ ማስረጃዎቹ ምን ማሳየት እንደሚችሉና እንደማይችሉ ለመግለጽ ነው። የራሱን ድምዳሜ የጨመረ ተማሪ ነጥብ አያገኝበትም፣ አይቀነስበትምም።