ባዮስ ፓስወርድ አለው፣ ፍላሹ ግን አሁንም ይነሳል፦ ላፕቶፔን እንዴት እንደቆለፍኩት

ሰሞኑን ላፕቶፔን በደንብ ለመቆለፍ ስታገል ከርሜ በመጨረሻ እንደፈለኩት ስለሆነልኝ ነው ይሄን የምጽፈው። የፈለኩት ብዙ ነገር አይደለም፤ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ ትቼው ዞር ስል አንድ ሰው ፍላሽ ሰክቶ በሌላ ሲስተም እንዳያስነሳው፣ ፎርማት እንዳያደርገው፣ ባዮስ ውስጥ ገብቶም እንዳይነካካ ነው። ማሽኑን ፈትቶ መሣሪያ ይዞ የሚመጣ ሰው ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱጋ እመለሳለሁ።

ፓስወርዱን ማስገባት ቀላል ነው። ላፕቶፑ ሲነሳ ባዮስ የሚከፍተውን ቁልፍ መታ መታ ማድረግ ነው፣ ቲንክፓድ ላይ F1፣ ዴል ላይ F2፣ ኤችፒ ላይ F10። ከዛ Security የሚለው ውስጥ ፓስወርዶቹ ይገኛሉ። እዚህጋ ሁለቱን መለየት አለባችሁ። Supervisor ወይም Administrator የሚባለው የባዮስ ሴቲንግን የሚቆልፈው ነው፤ Power-On የሚባለው ደግሞ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር የሚጠይቀው ነው። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ብቻ አስገብቶ ጨረስኩ ይላል፣ ግን የመጀመሪያው ባዶ ከሆነ ያንን ፓስወርድ የሚያውቅ ማንም ሰው ባዮስ ገብቶ የፈለገውን ይቀይራል። እኔ የመጀመሪያውን ግድ ነው እላለሁ፣ ሁለተኛው እንደየሰዉ ነው። ፓስወርዱን ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደልና በቁጥር ብቻ አድርጉት፣ ባዮስ ኪቦርዱን ብዙ ጊዜ የሚያነበው በአሜሪካ አቀማመጥ ስለሆነ @ እና # የመሳሰሉት በሌላ አቀማመጥ ለለመደ ሰው ሌላ ቦታ ነው የሚገኙት። ከዛ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከላፕቶፑ ራቅ ያለ ቦታ አስቀምጡት። የድሮ ኮምፒውተር ላይ ትንሿን የማዘርቦርድ ባትሪ ነቅሎ መመለስ ፓስወርዱን ያጠፋው ነበር፣ ቲንክፓድን የመሳሰሉት ላይ ግን ፓስወርዱ ባትሪ የማይፈልግ ሜሞሪ ላይ ስለሚቀመጥ ከጠፋባችሁ አምራቹ የሚላችሁ ማዘርቦርድ ቀይሩ ነው።

ቡት ኦርደሩንም አስተካከልኩ፣ የውስጡን ዲስክ አንደኛ አደረኩት፣ ዩኤስቢና ኔትወርኩን ወደታች አወረድኳቸው፣ ሴቭ አድርጌ ወጣሁ። እስከዚህ ያለው የአንድ ሻይ ጊዜ አይፈጅም። ያስቸገረኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ኡቡንቱ ያለበት ፍላሽ ሰክቼ ሪስታርት አደረኩት። ዊንዶውስ ነው የተነሳው፣ ደስ አለኝ። ከዛ ሪስታርት አድርጌ F12 ስጫነው የቡት ሜኑው ያለምንም ፓስወርድ ከፈተና ፍላሹን ከነስሙ ዘርዝሮ አቀረበልኝ፣ ኢንተር ስል ኡቡንቱ ተነሳ። ቡት ኦርደር ማለት ማንም ጣልቃ ካልገባ ማሽኑ የሚከተለው ቅደም ተከተል ነው እንጂ ሌላው ላይ መቆለፊያ አይደለም። F12 ደግሞ ለአንድ ጊዜ ብቻ ቅደም ተከተሉን ዘሎ ምረጥ የሚል በር ነው፤ አንዳንድ ማሽን እዛ ላይ የባዮሱን ፓስወርድ ይጠይቃል፣ የኔ ግን አይጠይቅም ነበር።

እዚህጋ ሰዎች ሴኪዩር ቡት ካበራህ ፍላሽ አይነሳም ይሉሃል። አይደለም። ሴኪዩር ቡት የሚያጣራው የሚነሳው ነገር የተፈረመ መሆኑን ነው፣ ኡቡንቱ ደግሞ በማይክሮሶፍት የተፈረመ ማስነሻ ይዞ ነው የሚመጣው። የኔ ፍላሽ የተነሳው ሴኪዩር ቡት በርቶ ነው። ማብራቱ ጥሩ ነው፣ ለሌላ ነገር ይጠቅማል፣ ይሄን በር ግን አይዘጋም።

መፍትሔው ባዮስ ውስጥ ነው ያለው፣ ስሙ ግን ከማሽን ማሽን ይለያያል። ቲንክፓድ ላይ Startup የሚለው ውስጥ Boot Device List F12 Option አለ፣ እሱን Disabled ማድረግ ነው። ዴል ላይ ደግሞ UEFI Boot Path Security የሚል አለ፣ Always ካደረጋችሁት የአድሚን ፓስወርድ እስካለ ድረስ F12 ላይ ምርጫ ሲመረጥ ፓስወርዱን ይጠይቃል። እኔም በኔ ማሽን ላይ የዚህን አቻ ፈልጌ የቡት ሜኑውን አጠፋሁት፣ F12 ብጫነው ዝም አለ።

ሁለተኛው በር ግን ዊንዶውስ ራሱ ውስጥ ነበር። ሎግኢን ስክሪኑ ላይ፣ ምንም ፓስወርድ ሳልጽፍ፣ ሺፍት ይዤ ከታች ጥግ ካለው የፓወር ምልክት Restart ስል ሰማያዊው የማስተካከያ ገጽ መጣ፣ እዛ ላይ Use a device የሚል አለ፣ ስነካው ፍላሹን አሳየኝና መረጥኩት፣ ማሽኑ ተነስቶ በቀጥታ ኡቡንቱ ገባ። F12 ጠፍቶ ማለት ነው! ቡት ኦርደሩም እንዳለ ነበር። ይሄ የሚገርም ሊመስል ይችላል ግን ዩኢኤፍአይ የሚባለው የአሁኑ ዘመን ባዮስ እንደዛ ነው የተሠራው፤ ከቡት ኦርደር በፊት የሚታይ BootNext የሚባል ማስታወሻ አለ፣ ሲስተሙ ቀጣዩን አንድ ጊዜ ከዚህ አስነሳ ብሎ መጻፍ ይችላል፣ ባዮሱም አንብቦ ይሰርዘውና ይፈጽማል። ሊኑክስ ያላችሁ ይሄንኑ በሩት መብት ራሳችሁ ልታዩት ትችላላችሁ፦

```
efibootmgr
sudo efibootmgr -n 0003
```

የመጀመሪያው ዝርዝሩን ከነቁጥሩ ያሳያል፣ ሁለተኛው ቁጥር 0003 የሆነውን ለቀጣዩ አንድ ጊዜ ብቻ ይመርጣል፣ ቁጥሩ ታዲያ እናንተጋ ካለው ዝርዝር የሚወሰድ ነው።

ስለዚህ ሜኑውን መደበቅ ብቻውን አይበቃም የሚል አቋም ላይ ደርሻለሁ። ዩኤስቢን ከቅደም ተከተሉ ታች ማስቀመጥ ሳይሆን ከዩኤስቢ መነሳትን ጭራሽ ማጥፋት ነው ያለባችሁ፣ ብዙ ጊዜ USB Boot የሚል ስም አለው፣ የኔትወርክ ቡቱንም አብራችሁ። ይሄን ሳደርግ Use a device ላይ ፍላሹን ብመርጠውም ማሽኑ አልፎት ዊንዶውስን አስነሳ። ፍላሽ ለፋይል ማስተላለፊያ እንደበፊቱ ይሠራል፣ የሚቀረው ከሱ መነሳት ብቻ ነው። ለራሳችሁ ሲያስፈልጋችሁ በፓስወርዳችሁ ገብታችሁ ታበሩታላችሁ።

አንድ ነገር ግን ቀድማችሁ አድርጉ። ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ ኢንክሪፕሽን የበራበት ማሽን ላይ የባዮስ ሴቲንግ ስትቀይሩ ዊንዶውስ ሲነሳ 48 አሃዝ ያለውን ሪከቨሪ ኪ ሊጠይቃችሁ ይችላል። መጀመሪያ ቁልፉ እጃችሁ ላይ መኖሩን አረጋግጡ፣ ከዛ በአድሚኒስትሬተር ኮማንድ ፕሮምፕት ለጊዜው አቁሙት፣ ስትጨርሱ መልሱት፦

```
manage-bde -protectors -disable C: -RebootCount 0
manage-bde -protectors -enable C:
```

0 ማለት ራሳችሁ እስክትመልሱት ድረስ እንደቆመ ይቆያል ማለት ነው፣ ደጋግሞ ሪስታርት ለሚያደርግ ሰው የሚመቸው ይሄ ነው፣ ሁለተኛውን መስመር ግን ሳትጽፉ እንዳትዘጉት።

ፈትቶ የሚመጣውን ሰው በተመለከተ፣ የባዮስ ፓስወርድ ማዘርቦርዱ ላይ እንጂ ዲስኩ ላይ አይደለም ያለው። ዲስኩን በብሎን መፍቻ አውጥቶ ሌላ ማሽን ላይ ለሰካው ሰው ያ ሁሉ ቁልፍ ምንም አይደለም፣ ፋይላችሁን የሚከላከለው ኢንክሪፕሽኑ ነው። ኢንክሪፕሽን ደግሞ በተራው ፍላሽ ያስነሳ ሰው ዲስኩን ጠርጎ ፎርማት እንዳያደርገው አይከለክልም። ሁለቱ የየራሳቸው ሥራ ስላላቸው ሁለቱንም አድርጉ ነው የምለው፣ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ግን ኢንክሪፕሽኑን ነው የምመርጠው።

አሁን የባዮስ አፕዴት በጫንኩ ቁጥር ሦስቱን እሞክራለሁ፦ ፍላሹ ተሰክቶ ተራ ሪስታርት፣ F12፣ እና ሺፍት ይዞ ሪስታርት። ከዛ ባዮስ ገብቼ ፓስወርድ ሲጠይቀኝ ባዶውን ኢንተር እላለሁ፤ አንዳንድ ማሽን እንደዛም ቢሆን ያስገባል፣ ግን ሴቲንጎቹ ሁሉ ደብዝዘው የማይነኩ መሆን አለባቸው። አንዱ እንኳን የሚቀየር ከሆነ የተቀመጠው የተሳሳተው ፓስወርድ ነው ማለት ነው፣ ወደ Security ተመልሳችሁ Supervisor የሚለው Enabled መሆኑን እዩ።