ሪሌው የሚያውቀው የራሱን ከረንት ብቻ ነው

ዲስታንስ ሪሌ ስሙ ርቀት ይበል እንጂ ርቀት አይለካም። የሚለካው ቮልቴጅና ከረንት ነው። ቮልቴጁን ለከረንቱ ያካፍልና ኢምፒዳንስ ያገኛል። ከዚያ የመስመሩ ኢምፒዳንስ ከርዝመቱ ጋር እኩል ስለሚያድግ "ፎልቱ እዚህ ጋ ነው" ይላል። ይህ አካሄድ የሚሠራው ግን ፎልቱን የሚመግበው ከረንት በሙሉ ከረንቱን በሚለካለት በሪሌው ሲቲ በኩል ሲያልፍ ነው። ሰሞኑን ሐሳቤን የያዘው፣ ከሌላ አቅጣጫ የሚመጣ ከረንት ሲጨመርበት የሚፈጠረው ነገር ነው።

በቁጥር ላስቀምጠው። ከሰብስቴሽን ሀ እስከ ሰብስቴሽን ለ 100 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የ230 ኪሎ ቮልት መስመር አለ እንበል። በኪሎ ሜትር 0.4 ኦም ብንይዝ መስመሩ 40 ኦም ይሆናል። ከለ ወደ ሐ ደግሞ ሌላ 50 ኪሎ ሜትር አለ፤ እሱ 20 ኦም ነው። የእኛ ሪሌ ሀ ላይ ሆኖ ወደ ለ ያያል።

ዞን 1ን 80 በመቶ ላይ፣ ማለትም 32 ኦም ላይ እናስቀምጠዋለን። ያለ ምንም መዘግየት ነው የሚሠራው። 100 በመቶ የማናደርገው ሲቲውም፣ ቮልቴጁን የሚለካው ፒቲውም፣ የመስመሩ ዳታም ትንሽ ትንሽ ስህተት ስላላቸው ነው። ዞን 1 ከለ አልፎ ካየ የሌላውን መስመር ፎልት እንደራሱ ቆጥሮ ጤነኛ መስመር ያላቅቃል። የቀረችውን 20 በመቶ የሚሸፍነው ዞን 2 ነው። እሱን 120 በመቶ፣ 48 ኦም ላይ አድርገን 0.4 ሰከንድ እናስጠብቀዋለን። ዞን 3 የቀጣዩ መስመር መጠባበቂያ ነው። የለ ሪሌ ወይም ብሬከር እምቢ ካለ እስከ ሐ ድረስ ማየት አለበት፤ ስለዚህ 60 ኦሙን በ1.2 አባዝተን 72 ኦም እንሰጠዋለን፣ አንድ ሰከንድ ከሚሆን መዘግየት ጋር። እስከዚህ ድረስ ወረቀቱ ላይ ሁሉም ያምራል።

አሁን ለ ላይ ሌሎች መስመሮችና አንድ የኃይል ማመንጫ ተገናኝተዋል እንበል። ለ–ሐ መስመር ላይ፣ ከለ 10 ኪሎ ሜትር ርቆ ፎልት ተፈጠረ። ከሀ በኩል 1000 አምፔር ይሄዳል። ከሌሎቹ ምንጮች ለ ላይ 2000 አምፔር ይጨመርበታል። ከለ በኋላ ባለው መስመር የሚያልፈው 3000 አምፔር ነው። ሪሌያችን ግን ያለፈበት 1000 አምፔር ብቻ ስለሆነ የሚያካፍለው በእሱ ነው። ያ ቀሪው 4 ኦም በሦስት እጥፍ ከረንት የፈጠረው የቮልቴጅ መውደቅ ሦስት እጥፍ ሆኖ ይታየዋል።

```
Z = 40 + 3 × 4 = 52 Ω
```

እውነተኛው ኢምፒዳንስ 44 ኦም ነው። ዞን 2 ደግሞ 48 ድረስ ነው የሚያየው። ስለዚህ ፎልቱ ወረቀቱ ላይ ዞን 2 ውስጥ ነው፤ ለሪሌው ግን ውጭ ነው። ኢንፊድ የምንለው ይህ ነው። ዞን 2 በወረቀት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ቀጣዩ መስመር ሲገባ፣ በዚህ ሁኔታ 7 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ቶሎ ይደነግጥና ዞን 2ን ማስረዘም ይጀምራል። እኔ አላስረዝምም። ኢንፊዱ የሚጨመረው ለ ባስባር ላይ ነው፤ ከባስባሩ በፊት ላለው 40 ኦም ምንም አይለውጠውም። ባስባሩ ላይ የደረሰ ፎልት፣ ከሌላ በኩል የፈለገውን ያህል ከረንት ቢመጣ፣ ሀ ላይ 40 ኦም ሆኖ ነው የሚታየው። የዞን 2 ዋና ሥራ የራሱን መስመር ጫፍና ያን ባስባር መሸፈን ከሆነ፣ 48 ኦሙ ሥራውን ይሠራል። (መስመሩ መሃል ላይ ቅርንጫፍ ካለው ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ኢንፊዱ ከባስባሩ በፊት ስለሚገባ የራሱ መስመር ጫፍ ላይ ዞን 2 ሊያጥረው ይችላል።) ደግሞም ማመንጫው ለጥገና የወጣ ቀን ኢንፊዱ ይጠፋና ዞን 2 ሙሉ 8 ኦም ወደ ፊት ይገባል። የዚያን ቀን ከለ ሪሌ ዞን 1 አልፎ መሄድ የለበትም። የለ ዞን 1 የ20 ኦም 80 በመቶ፣ 16 ኦም ስለሆነ ችግር የለም። ዞን 2ን ላስረዝመው ብል ግን ይህ ክፍተት ይጠብባል።

ዞን 3 ነው ራስ የሚያዞረው። ፎልቱ ሐ አጠገብ ከሆነ ሪሌው የሚያየው 40 ሲደመር ሦስት ጊዜ 20፣ ማለትም 100 ኦም ነው። በ72 ኦም ሴቲንግ ከለ–ሐ መስመር የሚያየው ግማሹን ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። "እንግዲያው 120 ኦም እናድርገው" የሚል ሐሳብ ወዲያው ይመጣል። ስሌቱን ግን እስከ መጨረሻው መሄድ ያስፈልጋል።

መስመሩ 1000 አምፔር የሚችል ነው እንበል። ክፉ ቀን መጥቶ 1500 አምፔር ቢጫንበትና ቮልቴጁ ወደ 85 በመቶ ቢወርድ፣ ሪሌው የሚያየው ሎድ 75 ኦም ገደማ ነው፤ አንግሉም 30 ዲግሪ። ሪሌው "ፎልት ነው" የሚልበት ክልል የሞ ክብ ይባላል፤ ዳያሜትሩ 120 ኦም፣ አንግሉ 80 ዲግሪ ከሆነ፣ በ30 ዲግሪ አቅጣጫ 77 ኦም ድረስ ይደርሳል። ሎዱ ክቡ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ምንም ፎልት ሳይኖር ሪሌው አንድ ሰከንድ ቆጥሮ መስመሩን ይቆርጣል፤ ያውም መስመሩ በጣም በሚፈለግበት ሰዓት። በ72 ኦም ግን በዚያ አቅጣጫ የሚደርሰው እስከ 46 ኦም ስለሆነ ሎዱ በሩቅ ይቀራል።

ይህ የወረቀት ላይ ፍርሃት አይደለም። በ2003 በሰሜን አሜሪካ የደረሰው ትልቁ የመብራት መቋረጥ የተፋጠነው፣ ኦሃዮ ውስጥ ሳሚስ–ስታር የሚባለውን የ345 ኪሎ ቮልት መስመር የዞን 3 ሪሌ ሲያላቅቀው ነው። መስመሩ ላይ ፎልት አልነበረም። ከፍተኛ ከረንትና የወረደ ቮልቴጅ ነበር። ከዚያ ተከትሎ መስመሮች ተራ በተራ ወጡ። ላይ የተጠቀምኩበት የ150 በመቶ ከረንትና የ85 በመቶ ቮልቴጅ ሒሳብም ከዚያ ጥፋት በኋላ እዚያ አገር መመዘኛ ሆኖ የመጣ ነው።

ስለዚህ እኔ 72 ኦሙን እተወዋለሁ። የለ ብሬከር እምቢ ሲል መጠባበቂያው እዚያው ለ ላይ መሆን አለበት። ብሬከር ፌይለር ፕሮቴክሽን ባስባሩን ከሚመግቡት ሁሉ ያላቅቀው። ለለ–ሐ መስመርም ሁለተኛ ዋና ሪሌ ይገባለት። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለ ሪሌ ሁሉንም ይይልን ማለት ከአቅሙ በላይ መጠየቅ ነው።

ወደ ፎልት ሪዚስታንስ ልምጣ። እዚህ ላይ አንድ ፎልት ሬኮርድ ስላየሁ ነው ይህን ሁሉ መጻፍ ያማረኝ። ቁጥሮቹን ከላይ ካለው ምሳሌ ጋር እንዲሄዱ አቅልያቸዋለሁ፤ የአንድ ፌዝና የምድር ፎልት ማካካሻውንም ትቼዋለሁ። ፎልቱ ሀ–ለ መስመር ላይ፣ ከሀ 70 በመቶ ላይ ነው። 28 ኦም ማለት ነው። ዞን 1 እስከ 32 ነው፤ ወዲያው ማላቀቅ ነበረበት። ለ ወዲያው አላቀቀ፣ ሀ ግን ቆየ። አንድ ወጣት ባልደረባዬ ሬኮርዱን አይቶ "ሪሌው ተበላሽቷል እንዴ?" አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አብረን አየነው።

ፎልቱ ላይ አርኩና የታወሩ የምድር ሪዚስታንስ ተደምረው 5 ኦም ነበሩ። ሀ ብቻውን ቢመግበው ኖሮ ሪሌው 28 ኦም በ80 ዲግሪ ላይ 5 ኦም ሪዚስታንስ ይጨምር ነበር። ድምሩ 29 ኦም ገደማ፣ ክቡ ውስጥ ነው። ነገር ግን ለ ከሀ ሁለት እጥፍ ከረንት እየላከ ነበር። በ5 ኦሙ ውስጥ የሚያልፈው ሦስት እጥፍ ነው፤ ለሀ ሪሌ 5ቱ 15 ሆኖ ይታያል። አሁን ድምሩ 34 ኦም በ54 ዲግሪ ነው። በዚያ አቅጣጫ የዞን 1 ክብ የሚደርሰው እስከ 29 ኦም ብቻ ነው። ውጭ ቀረ። የዞን 2 ክብ ግን እስከ 43 ይደርሳል፤ ስለዚህ ዞን 2 ቆጠራውን ጀመረ።

ለ ጋ ታሪኩ ሌላ ነው። ፎልቱ ለእሱ ቅርብ ነው፣ 12 ኦም። ከረንቱም ብርቱው የእሱ ስለሆነ 5 ኦሙ 7.5 ብቻ ሆኖ ነው የታየው። በቀላሉ ዞን 1 ውስጥ ገባ። በ70 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ የለ ብሬከር ተከፈተ።

ሬኮርዱ ላይ የሚያምረው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ለ በተከፈተበት ቅጽበት የሀ ከረንት ከፍ አለ፤ የተሰላው ሪዚስታንስም በአንዴ ወደ ግራ ወደቀ፣ ሪአክታንሱ ግን ባለበት ቀረ። ኢንፊዱ ስለጠፋ 15ቱ ተመልሶ 5 ሆነ። ዞን 1 ወዲያው ተነሳ፤ የሀ ብሬከርም ከ150 ሚሊ ሰከንድ በፊት ተከፈተ። የዞን 2 400 ሚሊ ሰከንድ አላለቀም ነበር። አንዱ ጫፍ ሌላውን እየጠበቀ የሚያላቅቅበት እንዲህ ያለ ሁኔታ ሲታይ መለያው ይሄ ነው፦ ሪአክታንሱ ሳይነቃነቅ ሪዚስታንሱ ብቻ ይዘላል። ሪሌ ቢበላሽ እንዲህ ንጹሕ ዝላይ አይታይም። ፎልቱ ወደ ሌላ ቦታ ቢሄድ ደግሞ ሪአክታንሱም ይለወጥ ነበር። በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው የመገናኛ ቻናል የሚሠራ ቢሆን ኖሮ የለ ሲግናል የሀን ዞን 2 ሳያስጠብቅ ያስነሳው ነበር፤ ያን ቀን ግን ቻናሉ ወጥቶ ነበር።

ልጁ ወዲያው "ታዲያ ኳድሪላተራል እናድርገውና ወደ ቀኝ እናስፋው" አለ። አዎ፣ ሪዚስታንስ በማቀፍ በኩል ባለ አራት ጎኑ ኳድ ከሞ ክቡ ይሻላል፤ 15 ኦሙን በቀላሉ ይይዘው ነበር። ግን እስካሁን የሁለቱን ጫፎች ከረንት አንድ አንግል ላይ አድርገን ነው ያሰላነው። ሀ ኃይል እየላከ ከሆነ የእሱ ከረንት ከለ ቀደም ይላል። ያኔ ያ 15 ኦም ንጹሕ ሪዚስታንስ መሆኑ ይቀርና ወደ ታች ያዘነብላል። በ15 ዲግሪ ቢያዘነብል ወደ 4 ኦም የሚጠጋ ሪአክታንስ ይቀንሳል። ለዞን 1 ጥንቃቄ ብለን የተውነው 8 ኦም ነበር፤ ግማሹ በዚህ ብቻ ተበላ። ሪዚስታንሱ ከፍ ሲል ወይም ሎዱ ሲከብድ ከለ ባሻገር ያለ ፎልት ዞን 1 ውስጥ ሊገባ ይችላል። ኃይል የሚቀበለው ጫፍ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፣ ሪሌው ያጥራል።

ስለዚህ ኳዱን ወደ ቀኝ ስናሰፋው የላይኛውን የሪአክታንስ መስመር ቀጥ አድርገን አልተውነውም፤ ወደ ታች አዘነበልነው። የዘንበሉን ዲግሪ ለማግኘት መስመሩ ከሀ ወደ ለ ከፍተኛ ኃይል የሚልክበትን ሁኔታ ወሰድን፤ ለ ጋ ያለው ማመንጫ ሲገባና ሲወጣ ለየብቻ አሰላነው፤ ከሁለቱ የባሰውን ያዝን። ቻናሉም እየተጠገነ ነው።