ሴንሰሩ 25 ሲል ስክሪኑ 26.4 ያለበት ምክንያት

ኤልኤም35 የሙቀት ሴንሰር ለጀማሪ የተመቸ ነው። በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 10 ሚሊቮልት ይሰጣል፤ ስለዚህ 25 ዲግሪ ማለት 250 ሚሊቮልት ነው። ከአርዱይኖ ኡኖ ጋር አገናኘሁት። በቦርዱ ላይ ያለው መቀየሪያ ባለ 10 ቢት በመሆኑ ቮልቴጁን ከ0 እስከ 1023 ባለ ቁጥር ይገልጸዋል። የተለመደው ስሌት ቁጥሩን በ5000 አባዝቶ ለ1024 ማካፈል ነው፤ ውጤቱ ሚሊቮልት ይሆናል።

ስክሪኑ ላይ የወጣው ግን አጠገቡ ካስቀመጥኩት ቴርሞሜትር ጋር አልተስማማም። ቴርሞሜትሩ 25 ሲያሳይ የእኔ 26.4 አለ። ሴንሰሩን ውሃ እንዳይገባው አሽጌ 60 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ብከተው 63.5 አነበበ። ፍንጩ እዚህ ላይ ነው፤ ልዩነቱ ከሙቀቱ ጋር አብሮ አድጓል። ሴንሰሩ ራሱ ቋሚ ስህተት ቢኖረው ኖሮ በሁለቱም ቦታ ተመሳሳይ ልዩነት ይታይ ነበር። በሁለቱም ስድስት በመቶ ገደማ ከፍ ማለቱ ግን የተበላሸው ማባዣው እንደሆነ ይናገራል።

መልቲሜትሩን በ5 ቮልት ፒኑ ላይ ሳሳርፍ 4.7 ቮልት አገኘሁ። መቀየሪያው ሌላ ካልታዘዘ በቀር የሚለካው ከዚሁ የኃይል ምንጭ ጋር በማነጻጸር ነው። ከዩኤስቢ የሚመጣው ቮልቴጅ በገመዱና በሌሎች ተጠቃሚ መሣሪያዎች ምክንያት ይወርዳል፤ በእኔ ስሌት ግን 5000 ቆሞ ይጠብቃል። ጫፉ የተቆረጠ ሜትር ይዞ ጨርቅ እንደመለካት ነው።

5000ን በ4700 መተካት ለጊዜው ይሠራል፤ ሞተር ወይም ሪሌ ሲነሳ ግን ቁጥሩ ዳግም ይንሸራተታል። የመረጥኩት የቺፑን ውስጣዊ የ1.1 ቮልት ማጣቀሻ ነው። እሱም ከቺፕ ቺፕ ከ1.0 እስከ 1.2 ቮልት ሊለያይ ስለሚችል፣ ካበራሁት በኋላ AREF ፒን ላይ ለካሁት፤ የእኔ 1.083 ሆነ።

```
// setup() ውስጥ
analogReference(INTERNAL);

// loop() ውስጥ
int s = 0;
for (int i = 0; i < 16; i++) s += analogRead(A0);
float mv = s / 16.0 * 1083 / 1024;
float c = mv / 10.0;
```

ማጣቀሻው ከተቀየረ በኋላ የሚመጡት የመጀመሪያ ንባቦች ስለማይታመኑ መጣል ይገባል። ውስጣዊው እየሠራ ሳለ ደግሞ AREF ላይ የውጭ ቮልቴጅ ማገናኘት ቺፑን ሊጎዳ ይችላል።

ትርፉ ድርብ ነው። ቀድሞ አንዱ የቁጥር እርምጃ ግማሽ ዲግሪ ያህል ነበር፤ አሁን አንድ አሥረኛ ገደማ ሆኗል። ይህ ግን የእርምጃው ስፋት እንጂ እውነተኛነቱ አይደለም፤ ሴንሰሩ ራሱ ግማሽ ዲግሪ ያህል ሊስት ስለሚችል ከነጥብ በኋላ ያለውን አኃዝ በጥርጣሬ አየዋለሁ። ዋጋውም አለ፤ ከ108 ዲግሪ በላይ ማንበብ አይቻልም። ቁጥሩ 1023 ላይ ተጣብቆ ከቀረ ውሃው ፈልቶ ሳይሆን ከጣሪያው በላይ ስለወጣ ወይም የሴንሰሩ ገመድ ስለተሳሳተ ነው።