ቲቪውን ሞኒተር ሳደርገው ቀዩ ጽሑፍ ለምን ደበዘዘ?

43 ኢንች ፎርኬ ቲቪ ነበረኝ። ላፕቶፔን በኤችዲኤምአይ ገመድ ሰካሁበትና ሥራ ጀመርኩ። ሁለት ሰነድ ጎን ለጎን ከፍቶ መሥራት ደስ ይላል። ነጭ ገጽ ላይ ያለው ጥቁር ጽሑፍም ደህና ነበር። ጉዱ የታየኝ ኮድ ስከፍት ነው። ጥቁር መደብ ላይ ያሉት ቀይና ሰማያዊ ቃላት ውሃ የነካው ቀለም ይመስላሉ። ጠርዛቸው ፈሷል።

መጀመሪያ ገመዱን ጠረጠርኩ። ሌላ ገዛሁ፤ ምንም ለውጥ የለም። አሁን ሳስበው ብሩን በከንቱ ነው ያወጣሁት። መጥፎ የኤችዲኤምአይ ገመድ ምስሉን ያቆራርጣል፣ ብልጭ ብልጭ የሚሉ ነጥቦች ያመጣል፣ ወይም ስክሪኑን ያጠፋዋል። የቀይ ፊደል ጠርዝ ብቻ መርጦ አያደበዝዝም።

ቀጥሎ ቲቪው ላይ Sharpness የሚለውን ከፍ አደረግኩት። ይባስ ብሎ በየፊደሉ ዙሪያ ነጭ ጥላ በቀለ። ይህ ቅንብር አዲስ ዝርዝር አይፈጥርም፤ ጠርዞችን በግድ ያጎላል እንጂ። ጥላው እስኪጠፋ መልሼ አወረድኩት።

የዊንዶውስን የስክሪን ዝርዝር ሳይ ደግሞ ላፕቶፑ RGB እየላከ ነው ይላል። ማለትም የእያንዳንዱ ፒክስል ቀለም ሙሉ በሙሉ ከላፕቶፑ ይወጣል። ታዲያ የት ነው የሚጠፋው? ለካ ቲቪው ውስጥ ነው!

ብዙ ቲቪዎች ምስሉን ከማሳየታቸው በፊት «ሊያሳምሩት» ይሞክራሉ። እንቅስቃሴ ያለሰልሳሉ፣ ቀለም ያደምቃሉ። ሥራው እንዲቀልላቸው ብርሃኑን ለእያንዳንዱ ፒክስል ይይዙና ቀለሙን ግን ጎን ለጎን ላሉ ሁለት ፒክስሎች አንድ ያደርጉታል። ይህ አያያዝ 4:2:2 ይባላል። ምንም ሳይቀነስ ሲቀር 4:4:4 ነው። ዓይናችን ከቀለም ይልቅ የብርሃንን ልዩነት አጥርቶ ስለሚያይ ፊልም ላይ ማንም አያስተውለውም። የፊደል መስመር ግን ውፍረቱ አንድ ወይም ሁለት ፒክስል ነው። ቀለሙን ከጎረቤቱ ጋር ሲካፈል ይበላሻል። ጥቁርና ነጩ የተረፈው ልዩነቱ በአብዛኛው የብርሃን ስለሆነ ነው።

ይህን በዓይኔ ለማየት አንድ ሙከራ ሠራሁ። የላፕቶፑን ጥራት 3840 በ2160፣ ማጉያውን 100% አደረግኩ። ከዚያ አንድ ፒክስል የሚወፍሩ ቀይና ሰማያዊ መስመሮችን እያፈራረቅኩ ሣልኩ፤ አንዴ ቁም፣ አንዴ አግድም። ቁሞቹ ተዋህደው አንድ ወይን ጠጅ ቀለም ሆኑ። አግድሞቹ ግን ለየብቻቸው ቁልጭ ብለው ታዩ። ቀለሙ የሚጋራው ጎን ለጎን መሆኑ ከዚህ በላይ በምን ይታወቃል? ሁለቱም ቢዋሃዱ ኖሮ ችግሩ 4:2:0 የሚባለው፣ ለአራት ፒክስል አንድ ቀለም የሚሰጠው አያያዝ ነበር የሚሆነው።

መፍትሔው አስቂኝ ነበር። የቲቪው የግቤት ዝርዝር ውስጥ ገብቼ፣ ላፕቶፑ የተሰካበትን HDMI 2 ምልክት ወደ PC ቀየርኩ። በቃ። ስም መቀየር ብቻ ይመስላል፤ ቲቪው ግን «ይህ ኮምፒውተር ነው» ብሎ የማሳመሩን ሥራ ይተወዋል። ስክሪኑ ለአፍታ ጠቆረና ተመለሰ። ቁሞቹ መስመሮችም ተለያዩ። ኤልጂና ሳምሰንግ ላይ መንገዱ ይኸው ነው። ሶኒ ላይ ደግሞ የምስል ዓይነቱን Graphics ማድረግ ይፈለጋል።

በቆየው ላፕቶፔ ስሞክር ግን ሌላ ነገር ገጠመኝ። ወደቡ ኤችዲኤምአይ 1.4 ስለሆነ ፎርኬን በ4:4:4 የሚያወጣው በ30 ኸርዝ ነው። ጽሑፉ ጥርት ይላል፣ ማውሱ ግን ይጎተታል። ለ60 ኸርዝ ኤችዲኤምአይ 2.0 ያስፈልጋል፤ ያውም ቲቪው ላይ የዚያ ወደብ ሙሉ አቅም ከተከፈተ ነው። ለማንበብ ብቻ ከሆነ 30 ይበቃል፤ ቀኑን ሙሉ ለመሥራት ግን እኔ አልቻልኩም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀዩ ጽሑፍ እንደገና ደበዘዘ። ቲቪው ተበላሸ ብዬ ደነገጥኩ። ነገሩ ሲጣራ፣ ቤት ሳጸዳ ገመዱን ነቅዬ HDMI 1 ላይ ሰክቼዋለሁ። የPC ምልክቱ የወደቡ እንጂ የላፕቶፑ አይደለም። አሁን HDMI 2 ጀርባ ላይ ትንሽ ፕላስተር ለጥፌበታለሁ። ፊልም ማጫወቻው HDMI 1 ላይ፣ እንቅስቃሴው እንደለሰለሰ ይኑር።