«ዳቦው የኔ አይደለም»፦ ከፖስተሩ በፊት የጻፍኩት ወረቀት

የመጀመሪያው ፖስተር ያምር ነበር፣ እውነቴን ነው። ችግሩ ዳቦው ነበር።

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ላይ አንዲት ጠባብ ዳቦ ቤት አለች። ባለቤቷ በዕድሜ እናቴን ያክላሉ፣ እትዬ ነው የምላቸው። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ጠሩኝና ለእንቁጣጣሽ መስታወቱ ላይ የሚለጠፍ ፖስተር እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። ለፎቶ አንሺ የሚሆን ገንዘብ አልነበረም። እኔም «ምስሉን በኤአይ እሠራዋለሁ» ብዬ በዚያው ማታ ቁጭ አልኩ። «የኢትዮጵያ የበዓል ዳቦ፣ ቢጫ አበባ፣ የአዲስ ዓመት ድባብ» የሚል አንድ መስመር በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ከወጡት ውስጥ አንዷን መርጬ በማግስቱ ይዤላቸው ሄድኩ።

ስልኬን ተቀብለው ራቅ አድርገው አዩት። ቀረብ አድርገውም አዩት።

«ልጄ፣ ሥዕሉ ያምራል። ግን ዳቦው የኔ አይደለም።»

ከመደርደሪያው አንድ ድፎ አንስተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡልኝ። ገለበጡትና በጣታቸው አሳዩኝ። የኮባው ቅጠል የተወው መስመር ቅርፊቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስልኬ ላይ ያለው ደግሞ አናቱ በቢላ የተሰነጠቀ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት የፈረንጅ ዳቦ ነው። አበባውም አደይ አልነበረም፣ መሃሉ ቡናማ የሆነ ትልቅ የሱፍ አበባ ነው። ከላይ ፊደል የሚመስል ነገር ተጽፏል፤ የእኛ ይመስላል እንጂ አንዱም አይነበብም።

«ሰው ይሄን አይቶ ገብቶ ያንን ብሰጠው ምን ይለኛል?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ምስሉን ደጋግሜ ባሠራው ትንሽ ይቀርብ ነበር። ግን ማሽኑ የእሳቸውን ዳቦ አይቶት አያውቅም። ቢቀርብ እንኳ የሚሸጡት ያ አይደለም። ስለዚህ ሁለት ነገር ወሰንኩ። አንደኛ፣ ዳቦው በኤአይ አይሠራም። እውነተኛውን ፎቶ አንስቼ ውስጥ አስገባዋለሁ፤ ኤአይ የሚሠራው በዳቦው ዙሪያ ያለውን ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ከዚህ በኋላ ምስል ይዤ አልሄድም፤ ወረቀት ይዤ እሄዳለሁ። ምን እንደሚታይ በአማርኛ ይጻፋል፣ እሳቸው አንብበው ይፈርማሉ፣ ከዚያ ነው ምስል የሚሠራው።

ምስል ስታሳይ ደንበኛ የሚነግርህ ስሜቱን ነው። «ያምራል»፣ «እንጃ»፣ «ትንሽ ሞቅ ይበል»። ወረቀት ስታሳየው ግን የሚያውቀውን ይነግርሃል። ይህን ያየሁት በዚያው ሳምንት ነው።

ወረቀቱ አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። ከላይ ፖስተሩ ለምን እንደሆነ በሁለት መስመር አለ፦ መስታወት ላይ የሚለጠፍ፣ ቁመቱ ወደ ላይ የሆነ ኤ3፣ ሥራው የድፎ ትዕዛዝ ማስገባት። ቀጥሎ ፕሮምፕቱ በሁለት ዓምድ። በግራ በኩል ለማሽኑ የምሰጠው እንግሊዝኛ፣ በቀኝ በኩል የያንዳንዱ መስመር ትርጉም በአማርኛ። እትዬ ግራውን እንዲያነቡ አይጠበቅም፣ የሚፈርሙት በቀኙ ላይ ነው። ግን ሁለቱ መስመር ለመስመር ትይዩ ስለሆኑ እሳቸው አንዱን ሲሰርዙ እኔ በትክክል የትኛውን እንደማወጣ አውቃለሁ።

የመጀመሪያውን ረቂቅ ባንኮኒው ላይ ቆመን አነበብንላቸው፣ እኔና የልጃቸው ልጅ። «ከላይ ቁልቁል የተነሳ ፎቶ። ባዶ ሰፌድ ጠረጴዛ ላይ። ዙሪያውን ቄጤማ። ከበላዩ ባዶ ክሬም ቀለም ግድግዳ።»

«ቆይ» አሉ። «ቄጤማ ጠረጴዛ ላይ ማን ይጎዘጉዛል?»

ሳቅን። ልክ ናቸው፣ ቄጤማ ወለል ላይ ነው። ጠረጴዛው ወጥቶ ዝቅ ያለ በርጩማ ገባ።

«ደግሞስ ቁልቁል ነው የምናየው ካልሽ ግድግዳው ከየት መጣ?»

እዚህ ላይ ሳቄ ቆመ። ስንት ዓመት ዲዛይን የሠራሁት እኔ ያላየሁትን ስህተት ሊጥ የሚያቦኩ ሴት አዩት። ከላይ ቁልቁል የሚያይ ካሜራ ወለል እንጂ ግድግዳ አያይም። እንዲህ ዓይነት እርስ በርሱ የሚጋጭ ፕሮምፕት ስትሰጠው ማሽኑ «አልገባኝም» አይልህም። ወይ አንዱን ይተዋል፣ ወይ ሁለቱን አጣብቆ የተጣመመ ክፍል ይሰጥሃል። አንተም ማሽኑን ትወቅሳለህ። «ከትንሽ ከፍታ የሚታይ» ብለን ቀየርነው።

ከዚያ በኋላ የጸደቀው ይህ ነው፦

```
photo seen from slightly above,
flat round woven straw tray, coloured pattern,
completely empty, on a low wooden stool,
fresh long green grass spread on the floor,
a few small yellow wildflowers on the grass,
about eight broad petals, small golden center,
soft morning light from the left,
upper third: plain cream wall, nothing on it
```

የአደይ አበባ ስም የለበትም። ሆን ብዬ ነው። ስሙን ስጽፍ ማሽኑ ያገኘውን ቢጫ አበባ ያመጣል። ቅርፁን ስነግረው፣ ማለትም ሰፋ ያሉ ጥቂት ቅጠሎች፣ ትንሽ ወርቃማ መሃል ስለው፣ አደይን ባያውቀውም ይቀርባል። መጀመሪያ ላይ «ሱፍ አይሁን» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሱፍ ይዞልኝ መጣ። ከእነዚህ ማሽኖች አንዳንዶቹ የጻፍከውን ቃል እንደሚሣል ነገር ነው የሚወስዱት፣ አሉታውን ሳይሆን ስሙን ይይዛሉ። ለማይፈለግ ነገር የተለየ ቦታ ያላቸው አሉ፣ እዚያ ይጻፋል። ከሌላቸው ግን የምትፈልገውን መግለጽ ይሻላል።

«የማይታይ» የሚል ክፍል ወረቀቱ ላይ ነበር፤ ግን እሱ ለማሽኑ ሳይሆን ለእኛ ነው፣ የወጣውን ምስል የምንመዝንበት። አራት ነገር ብቻ ይላል፦ ሰው አይኖርም፣ ሌላ ዳቦ ወይም ምግብ አይኖርም፣ ጽሑፍ አይኖርም፣ መሃሉ ቡናማ የሆነ አበባ አይኖርም። ሰው የሌለበት ላይ ትንሽ ተከራከርን። እትዬ ከበሮ የያዙ ልጃገረዶች ፈልገው ነበር። እኔ ደግሞ በዓለም ላይ የሌለች ልጅ ፊት ሰፈር ውስጥ መለጠፍ አልተዋጠልኝም። «የማን ልጅ ናት?» ብሎ የሚጠይቅ እንደማይጠፋ ስነግራቸው ተዉት።

ጽሑፉ ለብቻው ገጽ ነበረው። ማሽኑ ፊደላችንን ስላልቻለ ቃላቱን በኋላ እኔ ነኝ የማስገባው፣ እሳቸው ግን አስቀድመው ፊደል በፊደል ያጸድቃሉ። «አመት» ብዬ የጻፍኩትን «ዓመት» አስደረጉ። ዓመተ ምሕረቱን አስወጡ። «ለከርሞም ይሆናል» አሉ፣ እኔ በሆዴ የከርሞ ሥራዬ ሄደ አልኩ። «ትዕዛዝ እስከ ጳጉሜን 4» የሚለውን ወደ 3 አወረዱት፤ ምድጃው በአንድ ሌሊት ስንት ድፎ እንደሚያወጣ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

የመጨረሻው መስመር ስለ ፊርማው ነው። እንዲህ ይላል፦ «ምስሉ ከዚህ ወረቀት ጋር ካልተስማማ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እደግመዋለሁ። ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር ከፊርማ በኋላ ከተጨመረ ግን እንደ አዲስ ሥራ እንነጋገራለን።» ይህን ማንበብ ትንሽ አሳፍሮኝ ነበር፣ ከእናት ጋር ውል እንደ መዋዋል። እሳቸው ግን ዱቄት ከሚያመጣላቸው ሰው ጋርም እንዲህ እንደሚያደርጉ ነገሩኝና እስክሪብቶ ፈለጉ።

ምስሉን ሳወጣ ከመጀመሪያዎቹ አራት ውስጥ ሁለቱ ሰፌዱ ላይ ዳቦ ደርድረው መጡ። ባዶ ሰፌድ ማሽኑን ያስጨንቀዋል መሰለኝ፣ አንድ ነገር ካላስቀመጠበት አይተኛም። «የማይታይ» በሚለው ወደቁ። ሦስተኛው ሰፌድ መያዣ አውጥቶ ቅርጫት ሆነ። አራተኛው አለፈ። ያምራል አያምርም ብዬ አልተጨነቅኩም፣ ወረቀቱን ይዤ መስመር በመስመር ነው ያየሁት።

ዳቦውን ያነሳሁት በራሴ ስልክ ነው። እዚህ ላይ ግን ራሴ የጻፍኩትን ረሳሁ። ሱቁ በር ላይ ከሰዓት በኋላ አነሳሁት፣ ብርሃኑ ከቀኝ ነበር። ሰፌዱ ላይ ሳስቀምጠው የዳቦው ጥላ ወደ ግራ፣ የበርጩማው ጥላ ወደ ቀኝ ሄደ። አንድ ሰው ምን እንደሆነ ባያውቅ እንኳ ዳቦው የተለጠፈ እንደሚመስል ያውቃል። ምስሉን ማገላበጥ አሰብኩ፤ ግን ግድግዳውና ጽሑፉ የተደለደለበት መንገድ ይበላሽ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ተመልሼ ብርሃኑ ከግራ እንዲሆን ቦታ ቀይሬ፣ ከትንሽ ከፍታ፣ እንደ ምስሉ አንግል አነሳሁት። አሁን «ብርሃን ከግራ» የሚለውን መስመር የምጽፈው ለማሽኑ ብቻ ሳይሆን ካሜራ ለሚይዘውም ሰው ነው።

ማተሚያ ቤት ከመሄዴ በፊት አንድ ስሌት ሠራሁ። የወጣው ምስል 1024 በ1536 ነጥብ ነበር። ኤ3 ወረቀት ወርዱ 29.7 ሴንቲሜትር ስለሆነ በኢንች 88 ነጥብ ገደማ ይደርሰዋል። ለጥሩ ኅትመት የሚባለው 300 ነው። ብዥ ማለቱ አይቀርም። ግን የሚበዛው ባዶ ግድግዳና ሣር ነው፣ በሶፍትዌር አሳድገነው ከመንገድ ሲታይ ችግር የለውም። ሰው ተጠግቶ የሚያየው ዳቦውን ነው። እሱ ደግሞ ከስልክ ካሜራ የመጣ ስለሆነ ነጥብ አይጎድለውም፣ የኮባው መስመር ሳይቀር ይቆጠራል። ጽሑፉም በፊደል ስለገባ እንጂ በምስል ስላልሆነ ጥርት ብሎ ታተመ።

ነሐሴ 20 ላይ መስታወቱ ላይ ለጠፍነው። እትዬ ወጥተው ከመንገዱ ማዶ አዩት። ምንም አላሉም፣ ተመልሰው ገብተው አንድ ድፎ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ።

ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ደወሉልኝ። ለገና ነው። ምስል ላኪልኝ አላሉም።

«ያን ወረቀት ይዘሽ ነይ» አሉኝ። «ሁለተኛው መስመር ላይ ሰፌዱ ይቆይ። ቄጤማውም ይቆይ። አበባው ግን ይውጣ፣ በታኅሣሥ አደይ የለም።»