የአክስታችን ክንድና አንገት

የአጎቴ ልጅ የዓይኑን ብርሃን ካጣ ወዲህ የቤተሰባችንን ፎቶዎች በጽሑፍ እየገለጽኩ እልክለታለሁ፤ ስልኩ ያነብለታል። መጀመሪያ ሰሞን ስለ አክስታችን ፎቶ «ክንዷ ላይ አስቀያሚ የቃጠሎ ጠባሳ አለ» ብዬ ላክሁለት። ወዲያው ደወለ። «አስቀያሚ ማለት ምን ዓይነት ነው? ከፍ ያለ ነው ወይስ የጎደጎደ? ቀለሙስ?» አንዱንም መመለስ አልቻልኩም። ለካ ጠባሳውን በወጉ አላየሁትም ነበር።

አሁን ከቦታው እጀምራለሁ፤ ቀኝና ግራ የምለውም ፎቶው ላይ ካለችው ሰው አንጻር ነው። መጠኑን ከገላዋ ጋር አስተያያለሁ፣ ለምሳሌ «ሁለት ጣት ስፋት»። ከዚያ የጠርዙን ቅርጽ፣ በዙሪያው ካለው ቆዳ አንጻር ቀለሙንና ገጹን እጽፋለሁ። «ቃጠሎ» የምለው ታሪኩን ካወቅሁ ብቻ ነው፤ ከፎቶ መገመት ትቻለሁ።

የፈላ ዘይት የፈነጠቀባት ክንዷ በሁለት ፎቶ አለ። በሁለት ወሩ የተነሳው ላይ ጠባሳው ከፍ ብሎ ያብለጨልጫል። እንደኛ ባለ ጠይም ቆዳ ላይ አዲስ ጠባሳ ቀይ ሆኖ ብዙም አይታይም፤ ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ ጥቁር ቡናማ ያደላል። ከሁለት ዓመት በኋላ በተነሳው ግን ተኝቷል፤ መሃሉ ነጣ፣ ጠርዙ ጠቆር ብሏል። ጠባሳ እስኪረጋ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ሁለት ዓመት ይፈጅበታልና ፎቶው መቼ እንደተነሳ ሳልጽፍ አላልፍም። በፍላሽ የተነሳ ፎቶ ደግሞ ያታልላል፤ ብርሃኑ ፊት ለፊት ሲመታው ከፍ ያለው ሁሉ ልሙጥ ይመስላል። ጥላ ካላየሁ «ከፍታው ከዚህ ፎቶ አይለይም» እላለሁ።

በንቅሳቷ የባሰ ተሳሳትኩ። በልጅነቷ ፎቶ አንገቷ ላይ ያሉት መስመሮች ቀጫጭንና ጠቆር ያሉ ናቸው። በቅርቡ የተነሳችውን ግን «ንቅሳቷ ተበላሽቷል» ብዬ ጻፍኩ። ስልኩ ጮክ ብሎ ሲያነብ አጠገቡ ተቀምጣ ኖሮ፣ «ማን ነው የኔን ንቅሳት አበላሸ ያለው?» አለች። እስካሁን ይቆጨኛል።

ምንም የተበላሸ ነገር የለም። ጥላሸቱ ከላይኛው ቆዳ በታች ነው የሚቀመጠው። በዘመናት ብዛት ጥቂት በጥቂት ወደ ጎን ስለሚሰራጭ መስመሩ ይሰፋል፤ ጥቁሩም ከቆዳ ስር ስለሚታይ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ይመስላል። አንገት ሲሸበሸብ ደግሞ መስመሩ የተቆራረጠ ይመስላል። የልጅነቷ ፎቶ ጥቁርና ነጭ በመሆኑ፣ ያኔ ሰማያዊ ነበር አልነበረም ማለት አልችልም፤ «ጠቆር ያለ» ብዬ አቆማለሁ።

መግለጫውን እንዲህ አድርጌ መልሼ ላክሁለት፦ «አንገቷን የከበቡ አራት ረድፍ የንቅሳት መስመሮች አሉ። ቀለማቸው ሰማያዊ የቀላቀለ ግራጫ፣ ጠርዛቸው ለስላሳ ነው። ሦስተኛው ረድፍ የቆዳው እጥፋት ውስጥ ገብቶ በከፊል ተሸፍኗል።»