ማሩ ንጹህ ነበር፣ ግን አልበሰለም

አምና በጥቅምት ወር ስድስት ጄሪካን ማር ሸጥኩ። ታኅሣሥ ላይ የስድስቱንም ገንዘብ መለስኩ። ማሩ ውስጥ አንዲት ማንኪያ ስኳር አልገባችበትም። ይህን የምጽፈው የአባቱን ወይም የእናቱን ማር ያለ ነጋዴ ለሰው ልሸጥ ብሎ የተነሳ ካለ ከእኔ ኪሳራ እንዲማር ነው። እኔን ማንም አላስጠነቀቀኝም ብዬ ብጀምር ደስ ይለኝ ነበር። ግን አባቴ ነግሮኛል። እመጣበታለሁ።

ቀፎዎቹ የአባቴ ናቸው። ጎጃም፣ ከኑግ ማሳ አጠገብ 12 ዘመናዊ ቀፎ አለው። ማር መቁረጡ፣ ማጣራቱ፣ አውቶቡስ ላይ መጫኑ፣ ይሄ ሁሉ ይለመዳል። ደንበኛም ቢሆን አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ እናቶች በቂ ነበሩ።

ከዚያ በፊት ለነጋዴ ነበር የምንሸጠው። ባለ 20 ሊትሩን ጄሪካን «ሃያ ኪሎ» ብሎ ይቆጥረዋል፣ አባቴም እሺ ይላል። እኔ አንዱን ሚዛን ላይ አወጣሁት። የጄሪካኑ ክብደት ሲቀነስ 28 ኪሎ ሆነ። አንድ ሊትር ማር ወደ 1.4 ኪሎ ይመዝናልና ነው። በየጄሪካኑ ስምንት ኪሎ ስንመርቅ ኖረናል ማለት ነው! አባቴ ሚዛኑን ዝም ብሎ አየና «እንግዲህ» አለ፣ ሌላ ምንም አልተናገረም። ከዚያ ወዲህ በኪሎ ብቻ እሸጣለሁ። የሊትር ጠርሙስ ውስጥ አንድ ኪሎ ስትሞሉ ግን ሦስት አሥረኛ ያህሉ ባዶ ይቀራል፣ «አጎደልክብኝ» የሚል አይጠፋም። አስቀድማችሁ ንገሩ።

አሁን ወደ ጉዱ።

የስድስት ጄሪካን ትእዛዝ ተቀብዬ ግማሹን ብር ወስጃለሁ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ቀፎዎቹን ስንከፍት ደርሶ የተገኘው ሦስት ጄሪካን የሚሞላ ብቻ ነው። ቀሪው ፍሬም፣ ንቦቹ የማር እንጀራ የሚሠሩበት የእንጨት ክፈፍ፣ በማር ሞልቷል፣ ግን ገና አልከደኑትም። ንብ የአበባውን ውኃ በክንፏ እያራገበች ታደርቀዋለች፣ ሲበቃው በስስ ሰም ትከድነዋለች። ያልተከደነው ገና ውኃ የበዛበት ነው። አባቴ አንዱን ፍሬም ወደ ጎን ይዞ ነቅነቅ ሲያደርገው እንደ ዝናብ ተንጠባጠበ። «ንቧ ያልከደነችውን አንተ አትክደነው። አሥራ አምስት ቀን ጠብቅ» አለኝ።

አልጠበቅኩም። ሥልጠና ላይ አንድ ባለሙያ «ሦስት አራተኛው ከተከደነ መቁረጥ ይቻላል» ብሎን ነበር፣ እሱን ጠቀስኩለት። ሦስት አራተኛ የተከደነ ፍሬም እንኳ አልነበረም፣ ግማሽ የሆነውንም ቆረጥኩ። ከዚያ የባሰውን ሠራሁ። ጥሩውንና ጥሬውን አንድ በርሜል ውስጥ ደባለቅኩት። ጄሪካኖቹ ላይም «100% ንጹህ የጥቅምት ማር» ብዬ ለጠፍኩ። ውሸት የለበትም፣ አይደል?

ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ አንዲት እናት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ከሥር ስኳር ሆኗል፣ ከላይ ውኃ።»

እኔም ትምህርት ሰጠኋቸው። «እትዬ፣ ንጹህ ማር ብርድ ሲያገኘው ይረጋል፣ የኑግ ማር ደግሞ ቶሎ ነው የሚረጋው። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ያስቀምጡት፣ ይፈታል» አልኳቸው። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው። ግን ያሉኝን አልሰማሁም። በሳምንቱ ሌላዋ ደወሉ። ክዳኑ ራሱን ችሎ ተስፈንጥሮ ምንጣፋቸው ላይ አረፋ ፈሷል። ሄጄ ቀመስኩት። ጠጅ ጠጅ ይላል።

ልዩነቱን ያኔ ነው የተማርኩት። የበሰለ ማር ሲረጋ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ይሆናል፣ እንደ ለጋ ቅቤ። ጥሬ ማር ሲረጋ ግን ለሁለት ይከፈላል። ጠጣሩ ወደ ታች ይወርዳል፣ ውኃው ከላይኛው ቀጭን ክፍል ጋር ይቀራል፣ እዚያ ውስጥ እርሾው ይነሳል። ከላይ ቀጭን ሆኖ አረፋና የኮመጠጠ ሽታ ካለው ነገሩ መርጋት ብቻ አይደለም፣ እየፈላ ነው። የማርን ንጽህና ለመፈተን ብሎ ክብሪት መለኮስ፣ ወረቀት ላይ ማንጠባጠብ፣ ውኃ ውስጥ መጣል፣ እነዚህን ተዋቸው። በደንብ የወፈረ የስኳር ሽሮፕ ሁሉንም ያልፋል።

የውኃውን መጠን ላስለካ ብዬ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። መጀመሪያ «ከቀበሌ ደብዳቤ አምጣ» አሉኝ። አመጣሁ። ሁለተኛ ቀን ደብዳቤው ላይ ማኅተሙ ደብዝዟል ተባልኩ። ሦስተኛ ቀን መለኪያው ያለበት ቁም ሳጥን ቁልፍ ሥልጠና ከሄደ ሰውዬ ኪስ ውስጥ ነው። ሥልጠናው ስለ ማር ጥራት ነበር! መለኪያው እጅ ላይ የምትያዝ ቀጭን ቱቦ ናት፣ አንድ ጠብታ ማር አድርጎ ወደ ብርሃን ማየት ነው፣ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። መጨረሻ ላይ ማር የሚሰበስብ ማኅበር ውስጥ የሚሠራ ሰው ለካልኝ። 22 በመቶ። ዓለም አቀፉ የማር ደረጃ ለአብዛኛው ማር ከ20 እንዳይበልጥ ይላል። ሦስቱን ጄሪካን ለብቻ ሸጬ ቢሆን ኖሮ እነሱ በተረፉ ነበር። ቢሮውን ስረግም ከርሜ ጥፋቱ የራሴ መሆኑን ማመን ከበደኝ።

ዘንድሮ ኅዳር እስኪገባ ጠበቅኩ። ሥልጠናው ያለውን ይበል፣ እኔ ዳር ዳሩ ሲቀር ሙሉ ለሙሉ ያልተከደነ ፍሬም አልነካም። ያጣራነውንም ከፍቼ አላሳድርም፣ ማር ከአየር እርጥበት ይስባል። የምለጥፈው ወረቀት ደግሞ ተቀይሯል፦ «የኑግና የአደይ አበባ ወቅት ማር። ቢጫ። ከዘመናዊ ቀፎ፣ ተጣርቶ፣ ሰፈፍ የለውም። የተቆረጠው ኅዳር 6 እና 7። ውኃው 18 በመቶ። የተጣራ ክብደት 5 ኪሎ። ይረጋል። ነሐሴ ላይ ለንቦቹ ስኳር በጥብጠን መግበናል፣ አበባ ከወጣ በኋላ አልመገብንም።»

የመጨረሻዋ መስመር ደንበኛ ታሳጣኛለች። ሁለት ሰዎች «ስኳር» የሚለውን አይተው ትእዛዛቸውን ሰረዙ። ክረምት ላይ ንብ የሚቀልብ ብዙ ነው፣ ወረቀት ላይ የሚጽፈው ግን አላየሁም። አልሰርዘውም።

የአምናውን ማር አንዲት ጠጅ ጣይ በግማሽ ዋጋ ወሰዱልኝ። አልደበቅኳቸውም፣ መፍላት ጀምሯል አልኳቸው። ክዳኑን ከፍተው አሸተቱና «እኔ ልጀምረው የነበረውን ሥራ ጀምረህልኛል» ብለው ሳቁ።